ዘዴው ትክክል፣ ድምዳሜው የተጋነነ የላብ ሪፖርት እንዴት ይታረማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የላብ መምህራንና ረዳት መምህራን ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ምሳሌው ሁሉ ለማሳያ ከተዘጋጀ አንድ የማይክሮባዮሎጂ ሪፖርት የተወሰደ ነው።

ድምዳሜው ከመረጃው አለፈ የሚባለው መቼ ነው?

ዓረፍተ ነገሩ እውነት መሆኑን ለማወቅ ላብ ውስጥ ያልተለካ ነገር መለካት ካስፈለገ ድምዳሜው አልፏል። ተማሪው ዋሽቷል ማለት አይደለም። የተናገረው ነገር ምናልባት ትክክል ሊሆንም ይችላል። ግን ከያዘው ቁጥር ተነስቶ እዚያ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

አንድ ሪፖርት እንያዝ። ተማሪው 20 ግራም ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ በተጣራ ውኃ 100 ሚሊ ሊትር አድርሶ አጠለለው። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የወረቀት ዲስክ ላይ 20 ማይክሮ ሊትር አንጠባጠበ። ዲስኩን ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በተቀባበት አጋር ላይ አስቀመጠ፤ በኢ. ኮላይም ደገመው። ለማነጻጸሪያ 10 ማይክሮ ግራም የያዘ የጄንታማይሲን ዲስክ፣ ለባዶው ደግሞ ውኃ ብቻ የነካው ዲስክ ተጠቀመ። በማግስቱ ባክቴሪያ ያላደገበትን ክብ ለካ።

በስታፊሎኮከስ ላይ የነጭ ሽንኩርቱ ሦስት ፕሌቶች 18፣ 21 እና 15 ሚሊ ሜትር ሰጡ። አማካዩ 18 ነው። ጄንታማይሲን በአማካይ 24 ሰጠ። በኢ. ኮላይ ላይ ነጭ ሽንኩርቱ 17፣ 13 እና 15 ሰጠ፤ አማካዩ 15። ጄንታማይሲኑ 22። የውኃው ዲስክ ዙሪያ ምንም ክብ አልታየም። እስከዚህ ድረስ ያማረ ሥራ ነው።

ከዚያ ውይይቱ ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «ነጭ ሽንኩርት ሁለቱንም ባክቴሪያዎች እንደሚገድል ተረጋግጧል። የጄንታማይሲንን 75 በመቶ ኃይል አለው። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያን ከግራም ኔጌቲቭ የበለጠ ያጠቃል። ይህም በውስጡ ባለው አሊሲን ምክንያት ነው። ስለዚህ በአንቲባዮቲክ ፈንታ ተቅማጥን ለማከም ሊያገለግል ይችላል።»

ዘዴው በእርግጥ ትክክል መሆኑን በምን ልወቅ?

ከሁሉ በፊት ኮንትሮሎቹን ይዩ። 10 ማይክሮ ግራም ጄንታማይሲን በመደበኛው የኢ. ኮላይ ዝርያ፣ በኤቲሲሲ 25922፣ ላይ ከ19 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ይጠበቃል። በስታፊሎኮከስ ኤቲሲሲ 25923 ላይ ደግሞ ከ19 እስከ 27። የተማሪው 22 እና 24 በዚህ መካከል ናቸው። ስለዚህ አጋሩ፣ የባክቴሪያው መጠንና የኢንኩቤተሩ ሙቀት ደህና ነበሩ ማለት ይቻላል። የውኃው ዲስክ ባዶ መሆኑ ደግሞ ክቡ የመጣው ከነጭ ሽንኩርቱ እንጂ ከወረቀቱ ወይም ከውኃው እንዳልሆነ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ የተለመዱትን ማየት ነው፦ ሙለር ሂንተን አጋር 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት፣ የማክፋርላንድ 0.5 ድፍርስነት፣ 35 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ16 እስከ 18 ሰዓት። እነዚህ ከተጻፉና ኮንትሮሎቹ ከተስማሙ ለዘዴው ሙሉ ነጥብ ይስጡ። ውይይቱን አንብበው ከተናደዱ በኋላ ወደ ዘዴው ተመልሰው ነጥብ ፍለጋ አይግቡ።

ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሮች የተጋነነው የትኛው ነው? ለእኔ ሁሉም ደህና ይመስላሉ።

ሁሉም ይመስላሉ፤ ችግሩም እሱ ነው። አምስቱም አልፈዋል፤ ያለፉበት ርቀት ግን ይለያያል። የመጀመሪያው ትንሽ ነው ያለፈው። ክቡ ባክቴሪያው እዚያ አለማደጉን ያሳያል። ሞቶ ይሁን እድገቱ ተገትቶ ይሁን አይለይም። ይህን ለመለየት ከጠራው ቦታ ናሙና ወስዶ አዲስ አጋር ላይ ማሳደግ፣ ወይም ገዳዩን ዝቅተኛ መጠን በቱቦ መለካት ያስፈልጋል። «እንደሚገድል ተረጋግጧል» የሚለው «እድገቱን ገትቷል» ቢባል ይስተካከላል።

ሁለተኛው ብዙ መምህራንን ያታልላል፤ ቁጥር አለበትና። 18 ለ24 ሲካፈል 75 በመቶ ይሆናል፤ ስሌቱ ልክ ነው። ግን የ18ቱም የ24ቱም 6 ሚሊ ሜትር ዲስኩ ራሱ ነው። እሱን ቀንሰው 12ን ለ18 ቢያካፍሉ 67 በመቶ ይመጣል። ምንም አዲስ ሙከራ ሳይሠራ «ኃይሉ» ወረደ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የክቡ ስፋት የሚወሰነው በመድኃኒቱ ኃይል ብቻ አለመሆኑ ነው። ንጥረ ነገሩ በአጋሩ ውስጥ ምን ያህል በፍጥነት ይሰራጫል? ዲስኩ ላይ ስንት አለ? ሁለት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ ሚሊ ሜትርን ከሚሊ ሜትር ማወዳደር ኃይልን ማወዳደር አይደለም። መጠኑን ደግሞ እንይ። በ20 ማይክሮ ሊትር ውስጥ ያለው ከ4 ሚሊ ግራም ነጭ ሽንኩርት የወጣ ጭማቂ ነው። ጄንታማይሲኑ 10 ማይክሮ ግራም ነው። በክብደት 400 እጥፍ ልዩነት አለ! «75 በመቶ» የሚለው ይህን ሁሉ ይደብቃል።

ሦስተኛው 18ን ከ15 ጋር አነጻጽሮ የመጣ ነው። ነገር ግን አንዱ ከ15 እስከ 21፣ ሌላው ከ13 እስከ 17 ይሄዳል። ተደራርበዋል። ቲ-ቴስት ቢሠራ የፒ ዋጋው 0.22 አካባቢ ይወጣል፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱ ግልጽ ቢሆን እንኳን የተፈተነው ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ዝርያ ብቻ ነው። ከአንድ ስታፊሎኮከስ ተነስቶ ስለ ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ሁሉ መናገር አይቻልም። ሦስቱ ፕሌቶችም ከአንድ ጭማቂና ከአንድ የባክቴሪያ ልማት የተዘጋጁ ናቸው። የሚነግሩን የእጅ ሥራው ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ነው፤ ሌላ ነጭ ሽንኩርት ቢወቀጥ ምን እንደሚመጣ አይነግሩንም።

አራተኛው አሊሲንን ይከሳል። አሊሲን የሚፈጠረው ነጭ ሽንኩርቱ ሲፈጭ አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም አሊይንን ሲለውጠው እንደሆነና ባክቴሪያ ላይ እንደሚሠራ በደንብ ይታወቃል። ተማሪው ግን አሊሲንን አልለየም፣ አልለካም። አምስተኛው ከሁሉም ሩቅ ነው። ፕሌት ላይ ያለ ባክቴሪያ አንጀት ውስጥ ካለው ይለያል፤ የተበላው ነጭ ሽንኩርት ጨጓራ ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ አንጀት ሲደርስ ስንቱ እንደሚቀር፣ ለሰው ስንት እንደሚበቃና ስንት እንደሚጎዳ የትኛውም ፕሌት አይነግረንም። ተቅማጡም በቫይረስ ወይም በጥገኛ ተውሳክ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነጭ ሽንኩርት በማር ለጉንፋን ሲሰጠው ያደገ ተማሪ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ቅር አለማለቱ ይገባኛል። ነጥቡን ግን አያድነውም።

ታዲያ ስንት ነጥብ ይቀነስ?

ቅነሳው ውይይቱ ውስጥ ይጀምር፣ እዚያው ይለቅ። ከ20 የሚታረም ሪፖርት ከሆነ እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው፦ መግቢያ 3፣ ዘዴ 5፣ ውጤት 4፣ ውይይት 6፣ መደምደሚያ 2። የውይይቱን 6 ደግሞ ቁጥሩን ለመተርጎም 2፣ ለድምዳሜው ልክ 2፣ ካለፉ ጥናቶች ጋር ለማገናኘት 1፣ ለውስንነት 1 እሰጣለሁ። ዋናው ነገር «የድምዳሜው ልክ» የራሱ መስመር እንዲኖረው ነው። መስመር ከሌለው መምህሩ በስሜት ይቀንሳል፤ አንዱ 1፣ ሌላው 5።

የእኛ ተማሪ ቁጥሮቹን አይቷል፣ መለዋወጣቸውን ግን ረስቷል፤ ከ2 1። የድምዳሜው ልክ ላይ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ለመረጃው ስለቀረበ ከ2 0.5። ጥናት ጠቅሷል፣ 1። ውስንነት ብሎ «ጊዜ አጥሮናል» ብቻ ጽፏል፣ 0.5። ድምሩ ከ6 3። መግቢያው 2.5፣ ዘዴው 5፣ ውጤቱ 4፣ መደምደሚያው 2 ሲደመሩ 16.5 ከ20 ይሆናል። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ይህ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ለተመራቂ ተማሪ ቢሆን የድምዳሜውን መስመር ወደ 4 አሳድገው ነበር። ግን ይህን ሴሚስተሩ ሲጀምር መናገር ነው፤ ሪፖርቱ እጅ ከገባ በኋላ ሩብሪክ መቀየር ግፍ ነው።

ያው የተጋነነ ነገር ማጠቃለያውም መደምደሚያውም ላይ ተደግሟል። በየቦታው ልቀንስ?

አይ። ስህተቱ አንድ ነው፤ የሚቀጣውም አንድ ጊዜ ነው። መደምደሚያው ከውይይቱ ጋር ከተስማማና የተጠየቀውን ጥያቄ ከመለሰ ነጥቡን ያግኝ። ከላይ 2 ከ2 የሰጠሁት ለዚህ ነው።

የሚለየው መደምደሚያው ከውይይቱም ብሶ ሲገኝ ነው። ውይይቱ «እድገቱን ገትቷል» ብሎ ልኩን ጠብቆ መደምደሚያው በድንገት «ሆስፒታሎች ሊጠቀሙበት ይገባል» ካለ፣ ያ አዲስ ስህተት ነው። እዚያው መደምደሚያው ላይ ይቀነስ።

ተማሪው «ሊሆን ይችላል» ብሏል፤ ውስንነትም ዘርዝሯል። ይህ አያድነውም?

አምስተኛውን ዓረፍተ ነገር ይመልከቱት። «ሊያገለግል ይችላል» ነው የሚለው። ማለስለሻ ቃል አለው፤ ሆኖም ከፕሌት ወደ በሽተኛ ዘሏል። እኔ ቃሉን ሸፍኜ ነው የማነበው። የቀረው ሐሳብ ከመረጃው ጋር ዝምድና ከሌለው «ምናልባት» ቢጨመርበትም አይፈወስም።

ውስንነትም እንዲሁ ነው። ብዙ ተማሪዎች መጨረሻ ላይ «የናሙናው ቁጥር አነስተኛ ነው» ብለው ይጽፋሉ፤ ከላይ ያለውን አንቀጽ ግን አይነኩም። ውስንነቱ ሠርቷል የምንለው የሆነ ድምዳሜ ሲያጠብ ነው። «ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ዝርያ ብቻ ስለፈተንን ስለ ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ በጠቅላላ መናገር አንችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። የናሙና ቁጥር፣ የጊዜ እጥረትና የመብራት መጥፋት ተደርድረው ድምዳሜው እንደነበረ ከቀረ ግማሽ ነጥብ በቂ ነው።

የተናገረው እኮ እውነት ነው፤ ጥናትም ጠቅሷል። እውነት ስለተናገረ ልቅጣው?

አከራካሪው ይሄኛው ነው። የአሊሲኑ ነገር እውነት ነው። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው እውነት መሆኑን አይደለም፤ ማን እንዳሳየው ነው። «ሌሎች ጥናቶች አሊሲን ባክቴሪያን እንደሚገታ አሳይተዋል፤ የእኛም ውጤት ከዚያ ጋር ይስማማል» ቢል ሙሉ ነጥብ ያገኛል። «ውጤታችን አሊሲን ምክንያቱ መሆኑን ያሳያል» ሲል ግን የሌላውን ሰው ሥራ በራሱ ፕሌት ስም አስመዘገበ።

ለማጣራት ቀላል ጥያቄ አለ፦ ነጭ ሽንኩርቱ ውስጥ አሊሲን ባይኖር ኖሮ ተማሪው ከዚህ የተለየ ቁጥር ማየቱ ግድ ነበር? ሌላ ንጥረ ነገርም ያንኑ 18 ሚሊ ሜትር ሊሰጥ ከቻለ፣ ቁጥሩ ስለ አሊሲን ለብቻው አይመሰክርም። ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ተጨማሪ ሙከራ ሊያቀርብ ይችላል። ለምሳሌ ሽንኩርቱን ሳይወቅጡ ቀቅሎ ኢንዛይሙን ማበላሸትና ክቡ ይጠፋ እንደሆነ ማየት። ይህም የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሆኖም ሐሳቡን ወደ ሙከራ ስለለወጠው የውስንነቱን ነጥብ በሙሉ እሰጠዋለሁ።

ሌላው ተማሪ ደግሞ ፈርቶ «ከዚህ ሙከራ ምንም መደምደም አይቻልም» ብሏል። እሱስ?

እሱም ልኩን ስቷል፤ በሌላው በኩል። የውኃው ዲስክ ባዶ ሆኖ የነጭ ሽንኩርቱ ስድስቱም ፕሌቶች 13 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሰጡ አንድ ነገር በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል፤ ይህ ጭማቂ በዚህ መጠን የእነዚህን ሁለት ዝርያዎች እድገት ፕሌት ላይ ገትቷል። ይህን ለመጻፍ ያፈረ ተማሪ ሥራውን ራሱ ጥሎታል። ከድምዳሜው መስመር 1 ይቀነስበት።

  

በቡድን ነው የሠሩት፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ነጥባቸው ሊለያይ ይችላል?

ሪፖርቱን ለየብቻ ከጻፉ ሊለያይ ይገባል። ዘዴና ውጤት ላይ አንድ ዓይነት፣ ውይይት ላይ የየራሳቸው። ከቡድኑ አባላት አንዷ «እድገቱን ገትቷል» ብላ ካቆመችና ሌሎቹ እንደ ሐኪም ስለ ሕክምና ከጻፉ ልዩነቱ ከ6ቱ ላይ ይታይ። ተማሪዎቹ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው ማየታቸው አይቀርም። ሩብሪኩ ላይ መስመሩ ካለ ግን እርስዎን ከመጠየቃቸው በፊት መልሱን እዚያው ያገኙታል።

ዳር ላይ ምን ልጻፍ? «የተጋነነ» ማለት ይበቃል?

አይበቃም። «የተጋነነ» የተባለ ተማሪ በሚቀጥለው ሪፖርት «በጣም» የሚለውን ቃል ያወጣና ሌላውን እንደነበረ ይተወዋል። ዓረፍተ ነገሩ አጠገብ ጥያቄ ቢጽፉ ይሻላል። ከ75 በመቶው ጎን «የዲስኩን 6 ሚሊ ሜትር ቀንሰህ እንደገና አስላ፤ ለምን ተለወጠ?» ከግራም ፖዘቲቩ ጎን «ከእያንዳንዱ ወገን ስንት ዝርያ ፈተንክ?» ከተቅማጡ ጎን «ይህን ለማለት ምን መለካት ነበረብህ?»

ሁሉንም አምስቱን አያርሙ። ሁለቱን መርጠው በጥያቄ ያዟቸው፤ ለቀሪዎቹ ከሥራቸው መስመር ብቻ ያስምሩ። 60 ወረቀት ለሚያርም ሰው ይህ ጊዜም ይቆጥባል።

ተማሪው «ማኑዋሉ ራሱ የነጭ ሽንኩርትን ፈዋሽነት አረጋግጡ ይላል» ብሎ ቅሬታ አቀረበ። ምን ልመልስ?

መጀመሪያ ማኑዋሉን ይክፈቱ። ብዙ ጊዜ ተማሪው እውነቱን ነው። የላቡ ዓላማ «ፈዋሽነቱን ማረጋገጥ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ተማሪው ያደረገው ዓላማውን በመደምደሚያው መመለስ ነው። እንዲህ ከሆነ ተቅማጥን የሚመለከተውን ዓረፍተ ነገር ከቅጣት አወጣዋለሁ፤ አስተያየቱን ግን አልሰርዝም። 75 በመቶውና የግራም ፖዘቲቩ ጉዳይ ማኑዋሉን አይመለከቱም፤ እነሱ በራሱ ቁጥር ላይ የተሠሩ ስህተቶች ስለሆኑ ቅነሳቸው ይጸናል። በእኛ ምሳሌ ይህ ቢሆን የድምዳሜው ልክ ከ0.5 ወደ 1 ከፍ ይልና ጠቅላላው 17 ይሆናል።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ዓላማውን «የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ በፕሌት ላይ የሁለት ባክቴሪያ ዝርያዎችን እድገት ይገታ እንደሆነ መፈተሽ» ብሎ መቀየር ነው። ማስተካከያው ለክፍሉ ሁሉ እኩል ይሁን። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቅሬታ ያላቀረበ ተማሪም ግማሽ ነጥቡን ያግኝ።